የውሃ ሂሳብ ሲመጣ ከገንዘቡ በፊት የነፍስ ቁጥሩን እዩ (እስራኤል ላላችሁ)

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች። በሰፈራችን ማዕከል ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ደብዳቤ አነባለሁ። ከሚመጡልኝ ወረቀቶች አብዛኛው የውሃ ሂሳብ ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስንት እንደሚከፍሉ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ሌላ መስመር ነው። በሂሳቡ ላይ «ሚስፓር ነፋሾት» የሚል ቦታ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር የውሃ ኩባንያው፣ ታጊዱ፣ የያዘው ቁጥር ነው። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት «2» ተብሎ ተጽፎ ሳየው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ያ ቤተሰብ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ አግባብ ብዙ ከፍሏል ማለት ነው።

የውሃ ዋጋ ሁለት እርከን አለው። ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር 3.5 ኩብ በዝቅተኛው ዋጋ ይሰጣል። ሂሳቡ በየሁለት ወሩ ስለሚመጣ በአንድ ሂሳብ ለአንድ ሰው 7 ኩብ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ኩብ በከፍተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ እሱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቁጥሩ ካልተመዘገበ ወይም አንድ ሰው ብቻውን ከኖረ ቤቱ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠርና ርካሹ ውሃ 14 ኩብ ላይ ያበቃል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚቀየር ለስሌቱ እንዲቀል ዝቅተኛውን 8 ሼቅል፣ ከፍተኛውን 15 ሼቅል ብለን እንያዝ። አያት፣ አባት፣ እናትና አራት ልጆች፣ በድምሩ ሰባት ሰዎች በሁለት ወር 46 ኩብ ተጠቀሙ። ወረቀቱ ላይ 2 ነፍስ ከተጻፈ 14ቱ ኩብ በ8 ታስቦ 112 ሼቅል፣ የቀረው 32 ኩብ በ15 ታስቦ 480 ሼቅል፣ በድምሩ 592 ይመጣል። 7 ነፍስ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እስከ 49 ኩብ ድረስ በርካሹ ስለሚታሰብ ያው 46 ኩብ 368 ሼቅል ብቻ ነበር። በአንድ ሂሳብ 224 ሼቅል፣ በዓመት በሚመጡት ስድስት ሂሳቦች 1,344 ሼቅል። ውሃው ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሂሳባችሁን አውጡና እዩ። ያስተካከላችሁ ካላችሁ ደግሞ እንዴት እንዳስተካከላችሁ፣ ያለፈውስ እንደተመለሰላችሁ ጻፉልን።

ክሩ ረዝሞ ወሬውም ስለተደበላለቀ፣ ዘግይታችሁ ለምትመጡ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እዚሁ አጠር አድርጌ አስቀምጣለሁ።

1ኛ መልስ። ከአሽዶድ የጻፈች እናት ሂሳቧን ወዲያው አውጥታ አይታው 4 ነፍስ እንደሚል ነገረችን። እነሱ ግን ስድስት ናቸው፤ ቁጥሩ ከተመዘገበ በኋላ መንታ ወልዳለች። ልጆቹ ሆስፒታል ሲወለዱ መታወቂያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ሴፋሕ ላይም ገብተዋል፤ ታጊዱ ይህን በራሱ ያውቃል ብላ ነበር የምታስበው። ለልጆቹ ገላ በየቀኑ ውሃ እየሞላች፣ ልብሳቸውን በየቀኑ እያጠበች ሂሳቡ ለምን እንደናረ ሲገርማት ከርሟል።

2ኛ መልስ። በአንድ የውሃ ታጊድ ውስጥ በቴክኒሻንነት ብዙ ዘመን የሠራ ወንድም መለሰላት። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም በላይ የረዳን እሱ ነው። የሚስራድ ሃፕኒም መዝገብና የታጊዱ የደንበኞች ዝርዝር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ ልጅ ተወለደም ሰው ገባም ነዋሪው ራሱ ማሳወቅ እንዳለበት አስረዳ። የነፍስ ቁጥር ማሳወቂያ ቅጽ አለ፤ እሱን ሞልቶ የመታወቂያውን ሴፋሕ ቅጂ ማያያዝ ነው። ሁለት ነገሮች አስጠንቅቋል። አንደኛ፣ በሴፋሑ ላይ ያለው አድራሻ ውሃው የሚቆጠርበት ቤት መሆን አለበት፤ ቤት ቀይረው አድራሻ ያልቀየሩ ሰዎች ቅጹ ተመልሶባቸው ታጊዱን ሲወቅሱ አይቷል። ሁለተኛ፣ ቅጹ መድረሱን የሚገልጽ ማረጋገጫ ተቀብሎ ማስቀመጥ ነው፤ በኋላ ክርክር ሲነሳ የሚያሸንፈው ቀኑ ያለበት ወረቀት ነው።

ሌላም ቁም ነገር ጨመረ። ዋጋውን የሚወስነው የውሃ ባለሥልጣኑ ስለሆነ ለቤት የሚታሰበው ዋጋ በየታጊዱ አይለያይም። ስለዚህ ቤርሼባ ያለች እህት ከእኛ ያነሰ ብትከፍል ከተማዋ ርካሽ ስለሆነች አይደለም፤ ወይ የምትጠቀመው ያንሳል፣ ወይ የተመዘገበላት ነፍስ ይበዛል።

3ኛ መልስ። ከነታንያ የጻፈ ሰው ልጽፍ የሚገባኝን ዋናውን ነገር እንደተውኩ ነገረኝ። እሱ እንደሚለው ሰው ከተፈቀደለት በአንድ ኩብ እንኳ ካለፈ ውሃው በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በውዱ ዋጋ ይታሰባል። ስለዚህ የሁለት ወሩ ማብቂያ ሲቃረብ እሱ ቤት ልብስ አይታጠብም፤ ሁሉም ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። ሌሎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ አጥብቆ መከረ።

4ኛ መልስ። ቴክኒሻኑ ትሕትና ባልጎደለው ቃል አረመው። በእስራኤል የውሃ ሂሳብ ላይ በውዱ ዋጋ የሚታሰበው ያለፈው ኩብ ብቻ ነው፤ በፊት የነበረው በርካሹ እንዳለ ይቆያል። ሰባት ሰው ያለበት ቤት 49 ሳይሆን 50 ኩብ ቢጠቀም ጭማሪው 15 ሼቅል ነው፤ ሌላ ቅጣት የለውም። ወደ እናቱ ቤት የተወሰደው ልብስም እናቱ ጋ ውሃ ይጠጣል፤ እሷ ብቻዋን ከሆነችና 14 ኩብ ካልሞላች በእርግጥ ትርፍ አለው፣ እሷም አልፋ ከሆነ ግን ወጪው ከኪስ ወደ ኪስ መዛወሩ ነው።

እዚህ ላይ እኔም የጨመርኩት አለ። የነታንያው ወንድም ስሌቱን ቢስትም የነካው እውነት አለ። ሂሳባችሁ ከተፈቀደው በላይ ካለፈ በቁጠባ የምትቀንሱት ኩብ ሁልጊዜ የላይኛው፣ ማለትም የ15 ሼቅሉ ነው። ከተፈቀደው በታች ከሆናችሁ ግን ያንኑ አንድ ኩብ ብትቀንሱ የሚተርፋችሁ 8 ነው። ስለዚህ በ3 ኩብ ያለፈ ቤተሰብ ሦስቷን ኩብ ለማውረድ ቢደክም ዋጋ አለው፤ ከዚያ ወርዶ የልጆችን ገላ መታጠቢያ በደቂቃ መቁጠር ግን ለኪስ የሚሰጠው ግማሹን ያህል ብቻ ነው።

5ኛ መልስ። ከአዲስ አበባ የጻፈ ተከራይ ጥያቄውን ስለ መብራት መስሎት ረጅም ብሶት አሰፈረ። ግቢው ውስጥ አራት ተከራይና ባለቤቶቹ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። የመብራት ታሪፍ እርከኑ የመጀመሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በጣም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አምስት ቤት ባንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር እዚያ እርከን ላይ የሚቀር የለም። እሱ አንድ አምፖልና ስልክ ቻርጀር ብቻ እያለው፣ ባለቤቶቹ ምጣድ ሲጥዱ የሚወጣውን ዋጋ አብሮ ይከፍላል። ጥያቄው ሌላ ቢሆንም ነገሩ አንድ ስለሆነ አልተቃወምኩትም፤ እሱ ግቢ ውስጥም ችግሩ እርከኑ ሰውን ሳይሆን ቆጣሪን መቁጠሩ ነው።

6ኛ መልስ። ሌላ የአዲስ አበባ ሰው ተቀብሎት፣ በመብራት ላይ ግን የነታንያው ሰው ያለው ትክክል እንደሆነ፣ ከፍ ያለ እርከን የገባ ሰው ሁሉንም ኪሎዋት በዚያ ዋጋ እንደሚከፍል ተናገረ። 5ኛው አላመነውም፤ እርከን በእርከን ተለይቶ ይደመራል ሲል ተከራከረው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት። ቴክኒሻኑ መሃል ገብቶ የየትኛውንም አገር ሂሳብ የሚፈትሽ ቀላል መንገድ ሰጣቸው፤ የአገልግሎት ክፍያና ግብርን አውጥቶ የኃይሉን ገንዘብ ብቻ በተጠቀሙት ኪሎዋት ማካፈል። ውጤቱ ከታሪፍ ሠንጠረዡ አንዱን ዋጋ ልክ ከሆነ ሁሉም በአንድ ዋጋ ተመቷል ማለት ነው፤ በሁለት ዋጋዎች መካከል ካረፈ ደግሞ እየተከፋፈለ ተደምሯል። ሁለቱም ወረቀታቸውን አምጥተው እንደሚያካፍሉ ቃል ገብተው ሄዱ፤ እስካሁን አልተመለሱም።

7ኛ መልስ። አንድ ሰው የአዲስ አበባ መብራት የራሱ ክር ይከፈትለት ብሎ በቁጣ ጻፈ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ከአገር ቤት የሚጽፉትን እንደማያውቁ አድርጎ ስለቆጠረ አወያዩ የመጨረሻውን መስመር አጥፍቶበታል። እኔም ልክ አደረገ እላለሁ።

8ኛ መልስ። ከኪርያት ማላኪ የጻፈች ወጣት የአያቷን ጉዳይ አመጣች። አያቷ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ውሃ ይቆጥባሉ፣ ሳህን እንኳ በሳፋ ነው የሚያጥቡት። ሆኖም ሂሳባቸው በአንድ ጊዜ ከ10 ኩብ ወደ 25 ገደማ ዘለለ። የነፍስ ቁጥሩ ላይ ችግር የለም፤ ታዲያ ምንድነው ብላ ጠየቀች።

9ኛ መልስ። ቴክኒሻኑ ሳያመነታ ወደ ኒያጋራው ጠቆመ። የሽንት ቤቱ ገንዳ ውስጥ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በሳህኑ ግድግዳ ላይ እየወረደ ያልቃል፤ ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ ቀርቶ ለወጣትም አይታይም። ገንዳው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ ሳያወርዱ መቆየት፤ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ያፈስሳል። ቆጣሪውንም ማየት ይቻላል። ጥቁሮቹ አሃዞች ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ደግሞ ከኩብ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ ቀዮቹን መጻፍ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ማንበብ ነው።

እሱ የሰጠው ስሌት በጣም ስለጠቀመኝ በሙሉ አስቀምጠዋለሁ። በስምንት ሰዓት ሌሊት 80 ሊትር ከሄደ በቀን 240 ሊትር፣ በ60 ቀን 14,400 ሊትር ይሆናል፤ 14.4 ኩብ ማለት ነው። አያትየው ያላቸው 14 ኩብ ርካሽ ውሃ ስለሆነ 10ሩ የራሳቸው፣ 4ቱ የፍሳሹ በርካሹ ይገባሉ፤ የቀረው 10.4 ኩብ ግን በ15 ሼቅል 156 ይመጣል። የሚቀየረው ጎማ ዋጋ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ግድግዳ ወይም መሬት ውስጥ ላለ ስውር ፍሳሽ ደግሞ ሽራቭራቭ ጠግኖ ደረሰኝ ከሰጠ ለታጊዱ ማመልከቻ አስገብቶ የተወሰነ ቅናሽ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ነገር ግን ፍጆታው ከጥገናው በኋላ መውረዱን ቆጣሪው ማሳየት እንዳለበት ነገራት። ለዚህ ነው ደረሰኙ የማይጣለው።

ልጅቷ ከቀናት በኋላ ተመልሳ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ እንደታየ ጻፈች።

10ኛ መልስ። አንድ አዛውንት በልጃቸው እጅ አስጽፈው ገቡ። ብቻቸውን እየኖሩ ሂሳባቸው ላይ 2 ነፍስ ስለሚል ተጨንቀዋል። የሌለ ሰው አስመዝግበሃል ተብለው እንዳይከሰሱ፣ ከሞቱ በኋላ ለልጆቻቸው ዕዳ እንዳያወርሱ ፈርተው ወረቀቱን በሳጥን ቆልፈው ነበር የያዙት። ቴክኒሻኑም እኔም መለስንላቸው፦ አባታችን፣ ያጠፉት ነገር የለም። ማንኛውም መኖሪያ ቤት ቢያንስ የሁለት ሰው መጠን ይሰጠዋል፤ ብቻውን ለሚኖርም የታሰበ ደንብ ነው። በተጨማሪም ከብቱዋህ ለኡሚ አንዳንድ የአካል ጉዳትና የእንክብካቤ አበል የሚያገኙ ሰዎች በወር ሌላ 3.5 ኩብ በዝቅተኛው ዋጋ የማግኘት መብት ስላላቸው፣ አበል ካላቸው ልጃቸው ጠይቆ እንዲያረጋግጥላቸው አልን።

11ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ነው ክሩ የጦፈው። ከቴል አቪቭ የጻፈ ላጤ አዛውንቱን እንደማይነካ ካስቀደመ በኋላ የነፍሱ አሠራር በጥቅሉ ፍትሐዊ እንዳልሆነ ተሟገተ። ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ 49 ኩብ በርካሹ ሲያገኝ እሱ 14 ብቻ ያገኛል፤ ውሃ ውድ በሆነበት አገር ብዙ የሚጠቀም ብዙ መክፈል አለበት፣ የእርከኑ ዓላማም ይህ ነው ይላል።

12ኛ መልስ። የአሽዶዷ እናት እጅጉን ተናዳ ተመለሰች። አንድ ሰው 14 ኩብ ማግኘቱ ለራሱ እጥፍ እንደሆነ፣ የእሷ ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 7 ብቻ እንደሚደርሳቸው ቆጥራ አሳየችው። በሁለት ወር 14 ኩብ ላንድ ሰው ማለት በቀን ከ230 ሊትር በላይ ነው፤ ለእሷ ልጅ ግን ወደ 117 ሊትር። ከዚያ ወደ ግል ነገር ገባች፤ ሕፃን አጥቦ የማያውቅ ሰው ስለ ውሃ እንዳይናገር አለችው። እሱም በተመሳሳይ መንፈስ መለሰ፤ የሁለቱን ምልልስ መድገም አያስፈልግም።

13ኛ መልስ። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመሃል ገብቶ ያረጋጋው ይመስለኛል። ሁለቱም የየራሳቸውን ግማሽ ይዘዋል ባይ ነው። እርከኑ በነፍስ ባይሆን ኖሮ ውዱ ዋጋ የሚያርፈው አባካኝ ላይ ሳይሆን ልጅ የበዛበት ላይ ነበር፤ ይህ በሌሎች አገሮች፣ ሰው ሳይቆጠር ቆጣሪ ብቻ በሚቆጠርበት ሁሉ የሚታወቅ ችግር ነው፣ የ5ኛው መልስ ግቢም አንዱ ምሳሌ ነው። በሌላ በኩል በነፍስ ሲደረግ ማስመዝገብ የማያውቅ ሰው ይጎዳል፤ ቋንቋው ያልገባው ስደተኛ፣ ሽማግሌ፣ ቤት የሚቀያይር ተከራይ። ላጤው በዚህ አልተስማማም፤ ቢያንስ ግን ዝም አለ።

14ኛ መልስ። አንድ ሰው እንግዲያው መላ አለው፣ የእህትን ልጆች በራስ አድራሻ ማስመዝገብ ነው ብሎ ጻፈ።

15ኛ መልስ። ቴክኒሻኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አለ። አንድ ነፍስ በአንድ ቤት ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ እዚህ ሲጨመር እህት ጋ ይቀነሳል። አድራሻው በመታወቂያ ላይ ሲቀየር ደግሞ ውሃው ላይ ብቻ አይቆምም፤ የልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ምደባና የአርኖና ቅናሽም አብሮ ይነካል። ለጥቂት ሼቅል የውሸት ማስታወቂያ መፈረም ራስን ከባድ ነገር ውስጥ መክተት ነው ብሎ ዘጋው። እኔም በዚህ ጉዳይ ቃል አልጨምርም፤ እንዲህ ያለውን ምክር እዚህ አትጻፉ።

16ኛ መልስ። ከሬሆቮት የጻፈች እናት ደግሞ ከሁሉ የወደድኩትን ነገር ይዛ መጣች፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ማወቅ። የውሃ ሂሳቡ ከባንክ በሆራአት ኬቫ ስለሚቆረጥባት ብዙ ዘመን ወረቀቱን ሳታይ ትኖር ነበር። አንድ ጊዜ ለቅሶ ነበር፤ ዘመድ ከየከተማው መጥቶ ቤቷ አደረ፣ ሰነበተ፣ ድስቱም ሳህኑም በላይ በላይ ታጠበ። ከዚያ የመጣው ሂሳብ የወሩን ቀለብ አናጋባት። አሁን ግን ሂሳቡ ከተነበበ አንድ ወር ሲሞላ ቆጣሪውን ሄዳ ታነባለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ንባብ ከዚያ ላይ ትቀንሳለች። ሰባት ናቸው፤ በአንድ ወር 24.5 ኩብ ይገባቸዋል። ከዚያ በታች ከሆነች ምንም አትነካም። ካለፈች የቀረው ወር ውስጥ የምታጣራው ነገር አላት፤ ኒያጋራውን፣ የልጆቹን ሻወር፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከዱድ ሼሜሹ ሙቅ ውሃ እስኪደርስ ድረስ ዝም ብሎ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ። እሱን በባልዲ ተቀብላ ወለል ታጥብበታለች።

የእሷን ቁጥር ይዤ የለቅሶውን ጊዜ አሰላሁት፤ እዚህ ላይ ነው እርከን ያለው ዋጋ በጀትን የሚያሳስተው። 46 ኩብ የለመደ የሰባት ሰው ቤት በእንግዳ ምክንያት 60 ኩብ ቢጠቀም ውሃው የጨመረው በሠላሳ በመቶ ገደማ ነው። ሂሳቡ ግን 49 ኩብ በ8፣ 11 ኩብ በ15 ተደምሮ 557 ሼቅል ይሆናል፤ ከ368 ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ ባለፈው ሂሳብ ላይ ትንሽ ጨምሮ ማስቀመጥ አይበቃም። እንግዳ የሚበዛበትን ጊዜ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ወይም የፋሲካ ጽዳት፣ ለብቻው አስቦ እያንዳንዱን ተጨማሪ ኩብ በ15 መቁጠር ይሻላል። እንግዳ ደግሞ ነፍስ ላይ አይገባም፤ አድራሻው ሌላ ነው።

17ኛ መልስ። የነታንያው ሰው ተመልሶ፣ የልብሱን ነገር እንደተወው ሳይሆን እናቱ ጋ የቀረ 5 ኩብ ስላለ እንደሚቀጥልበት ጻፈ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ እናቱ ከተስማሙ እኔ ምን እላለሁ።

18ኛ መልስ። አንድ ተከራይ ሂሳቡ በቤቱ ባለቤት ስም እንደሚመጣና ነፍሱም የባለቤቱ እንደሆነ ነገረን። ባለቤቱ ስም ማዛወር አይፈልግም። ቴክኒሻኑ የኪራይ ውሉን ይዞ ሂሳቡን በራሱ ስም እንዲያዛውር፣ ከዚያ ነፍሱን እንዲያስመዝግብ፣ በገባበት ቀን የቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት እንዳይረሳ መከረው። ባለቤቱ ከከለከለ ግን ምን እንደሚደረግ ሁለት ሰዎች የተለያየ ሐሳብ ሰጥተዋል፤ አንዱ ውል ላይ ማስገባት፣ ሌላው ቤት መቀየር። የቤት ኪራይ በናረበት ሰዓት ሁለተኛው ምክር ቀላል አይደለም።

19ኛ መልስ። ያለፈው ይመለሳል ወይ ብዬ ለጠየቅኩት ሁለት ሰዎች መለሱ፤ መልሳቸው አልተገናኘም። አንዷ ቅጹን ካስገባችበት ቀን ጀምሮ ብቻ እንደተስተካከለላት፣ ያለፈው እንደቀረ ተናገረች። ሌላው ልጁ የተወለደበትን ቀን በሰነድ አሳይቶ፣ ደጋግሞ ጽፎ የተወሰነ ገንዘብ በቀጣዩ ሂሳብ ላይ እንደተቀነሰለት ይናገራል። ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደጻፈ ጠይቄዋለሁ፤ ፈልጎ ስሙንና ቁጥሩን ሸፍኖ እንደሚለጥፈው ነግሮኛል።

20ኛ መልስ። የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ የመጣ ነው። የእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ተደምሮ ከሕንፃው ዋና ቆጣሪ ያንሳል፤ ልዩነቱ ለሁሉም ቤት ተከፋፍሎ ሂሳባቸው ላይ ይጨመራል። ጠያቂው የራሱን ቤት በሚገባ ቆጥቦ፣ ነፍሱንም አስተካክሎ፣ ይህ የጋራ ውሃ ግን በየሂሳቡ እየጨመረ ነው። ቴክኒሻኑ ቫአድ ባይቱ ሌሊት ላይ የዋናውን ቆጣሪ ቀይ አሃዞች እንዲያይ፣ የአትክልት ቦታው ቧንቧና የመሬት ውስጥ መስመሩ እንዲፈተሽ ነገረው። ጠያቂው ቫአድ ባይቱ ስብሰባ ከጠራ ቆይቷል ብሎ መለሰ። ሕንፃችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ጎረቤቶቻችሁን ያስተባበራችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች ጻፉለት።